ልጄ በ132 መታገል ይፈልጋል፣ ወረቀቱ ግን 138 ይላል

የዮኒ አባት

ሰላም ለሁላችሁ። ቡጢና ትግል የምታውቁ ሰዎች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስቲ አስረዱኝ።

የምኖረው አሜሪካ ነው። ልጄ 15 ዓመቱ ነው፣ ዘንድሮ ሃይስኩል ገብቶ ትግል ጀመረ። እኔ ኳስ እንጂ ትግል አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤት ሽንቱን መረመሩት፣ ቀጥሎ ቆዳውን በመቆንጠጫ መሰል ነገር እየያዙ ለኩት። ከዚያ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። አሁን 146 ፓውንድ ነው። ወረቀቱ በዚህ ዓመት ከ136.6 በታች መውረድ አይችልም ይላል። ስለዚህ ዝቅ ብሎ መታገል የሚችለው በ138 ነው። እሱ ግን 132 ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። በ138 ከእሱ የሚበልጥ ልጅ ቡድኑ ውስጥ አለ፣ 132 ግን ክፍት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋራዥ ስገባ የቆሻሻ ላስቲክ ለብሶ ገመድ ይዘላል። ክንዱን ስይዘው ከላስቲኩ እጅጌ ላብ እንደ ውሃ ወርዶ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ከንፈሩ ደርቋል። «አባዬ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለኝ።

ይሄ ሁሉ የክብደት ምድብ ለምን አስፈለገ? 6 ፓውንድ ማለት 3 ኪሎ እንኳን አይሞላም። አሰልጣኙስ ልጄን ለመግፋት ፈልጎ ይሆን?

ቄራ_57

ጋሼ፣ ብዙ አይጨነቁ። እኔ አዲስ አበባ ቡጢ እጫወታለሁ፣ በ57 ኪሎ። ላስቲክ ያልለበሰ ቡጢኛ የለም። የሚወርደው ውሃ ነው እንጂ ሥጋ አይደለም። ሚዛን ላይ ወጥተው ሲወርዱ ይጠጣሉ፣ ይበላሉ፣ በማግስቱ ይመለሳል። ትልልቆቹ ፕሮፌሽናሎች እኮ በአንድ ሳምንት 6 እና 7 ኪሎ ይጥላሉ። ምድብ ያለው እኩል ለእኩል እንዲጋጠሙ ነው። ሁሉም ሰው ከቀነሰ ደግሞ ያው እኩል ነው። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ያበረታቱት።

ሰላም ዘባህርዳር

እኔ የገረመኝ የሽንቱ ነገር ነው። ስኳር ይኖርበት ይሆን ብለው ነው የመረመሩት? በ15 ዓመቱ ክብደት ቀንስ ማለትስ ተገቢ ነው? እኔ ከወሊድ በኋላ 9 ኪሎ ጨምሬ እስካሁን አልወረደልኝም። ላስቲክ ለብሶ መሮጥ ለሆድ ይረዳል የሚሉኝ ሰዎች አሉ። የምታውቁ ብትነግሩኝ።

ምንጣፍ ዳር

የዮኒ አባት፣ እኔ እዚሁ አሜሪካ የአንድ ሃይስኩል ትግል ቡድን ረዳት አሰልጣኝ ነኝ። ያንን ልኬታ በየዓመቱ ሲደረግ አያለሁ። ረጋ ብዬ ልመልስልህ።

መጀመሪያ ሽንቱ። ሰላም እህቴ፣ ለስኳር አይደለም። ሽንቱ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ነው የሚታየው። ንጹህ ውሃ 1.000 ቢሆን የልጁ ሽንት ከ1.025 መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ልጁ ውሃ ጎድሎታል ማለት ነው፣ ያን ቀን አይለካም፣ ሌላ ቀን ይመለሳል። ይህ የተደረገው ልጆች ደርቀው መጥተው ዝቅተኛ ቁጥር እንዳያስመዘግቡ ነው። ላስቲኩም ለሆድ አይረዳም። ከስር የሚወጣው ላብ ነው፣ ስቡ እዚያው ነው ያለው። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ስትጠጪ ኪሎው ይመለሳል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ልጅህ 146 ፓውንድ ነው፣ 66.2 ኪሎ ማለት ነው። እንደ ስሌቱ ከሆነ ስቡ 13 በመቶ አካባቢ ወጥቷል። ከ66.2 ውስጥ 8.6 ኪሎው ስብ ነው። የቀረው 57.6 ኪሎ ጡንቻው፣ አጥንቱ፣ ደሙ፣ ሆድ ዕቃው ነው። የሃይስኩል ደንብ ወንድ ልጅ ከ7 በመቶ ስብ በታች እንዳይወርድ ይከለክላል፣ ለሴት 12 በመቶ ነው። 57.6ን ለ0.93 ስታካፍለው 62 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ይህ ነው ያ 136.6 ፓውንድ።

ልጅህ የሚፈልገው 132 ደግሞ 59.9 ኪሎ ነው። ከዚያ ላይ 57.6ቱን ስትቀንስ ለስብ የሚተርፈው 2.3 ኪሎ ብቻ ነው። 4 በመቶ እንኳን አይሞላም። ገና እያደገ ያለ ልጅ በዚያ አይኖርም። ስለዚህ ውሃውንና ጡንቻውን ነው የሚጥለው። አሰልጣኙ ልጅህን አልገፋውም፣ ቁጥሩን የሚያወጣው የልኬታው ስሌት ነው።

ወደ 138 ለመውረድም ቢሆን ፍጥነቱ ተወስኗል። በሳምንት ከክብደቱ 1.5 በመቶ ነው፣ ለእሱ አንድ ኪሎ ማለት ነው። የሚቀንሰው 3.6 ኪሎ ስለሆነ 4 ሳምንት ይፈልጋል። በዚያ መሐል ልጁ በ145 አካባቢ ባለው ምድብ መታገል ይችላል።

ምድብ ለምን አስፈለገ ላልከው፣ ምንጣፉ ላይ ቆመህ ብታየው ወዲያው ይገባሃል። በትግል የሌላውን ሰው ክብደት በአንገትህና በወገብህ ትሸከማለህ። 10 ኪሎ የሚበልጥህ ልጅ አንገትህ ላይ ተንጠልጥሎ 6 ደቂቃ ሙሉ ቢጫንህ፣ ችሎታህ ምንም ቢሆን እግርህ ይከዳሃል። ስትወድቁ ደግሞ እሱ ከላይ ነው የሚያርፈው። በቡጢም ጓንቱን የሚገፋው ክንድ ብቻ አይደለም። ኃይሉ ከእግር ተነስቶ በወገብ ዞሮ ነው የሚመጣው፣ ሰውነት ሁሉ ከኋላው አለ። የከበደ ሰው ብዙ ክብደት ይልካል። የቀለለው ሰው ያንን የሚቀበለው በቀጭን አንገት ነው፣ አንገት ደግሞ ጭንቅላቱ እንዳይወዛወዝ የሚይዘው እሱ ነው።

«6 ፓውንድ ምንድን ነው» ያልከው ጥሩ ጥያቄ ነው። ምድቦቹን ካየሃቸው ታች ላይ ይጠባሉ፣ ላይ ላይ ይሰፋሉ። ከ126 ወደ 132 ስድስት ፓውንድ ነው። ከ215 ቀጥሎ ያለው ግን 285 ነው። ለትንሽ ልጅ 6 ፓውንድ ከሰውነቱ 5 በመቶ ነው። ለትልቅ ሰው ግን ቁርስ ነው።

ጋሽ ብርሃኔ

ምንጣፍ ዳር፣ እግዜር ይስጥህ። እኛ ይህን የሚነግረን ሰው አጥተን ነው የተጎዳነው።

እኔ በወጣትነቴ ቡጢ ተጫውቻለሁ። የክለቡን ስም አልጠራም። ኪሎዬ 58 ነበር፣ በ54 ተጫወት ተባልኩ። ሁለት ቀን ውሃ አልቀመስኩም። ሌሊቱን ሎሚ እየላስኩ ምራቄን በጣሳ ስተፋ አደርኩ። ምራቅም ኪሎ ነው ብለውን ነበር። ጠዋት ሚዛን ላይ ስወጣ 54 ከ200 ግራም አለ። ውረድና ሩጥ አሉኝ። በሁለት ሹራብ ሜዳውን ዞርኩ። ከሆነ ሰዓት በኋላ ላቡ ቆመ። ፀሐዩ ጠንክሯል፣ እኔ እሮጣለሁ፣ ቆዳዬ ግን እንደ ወረቀት ደረቅ ነው። ከዚያ በኋላ ትዝ የሚለኝ የአንድ ሰው እጅ ፊቴ ላይ ውሃ ሲያፈስ ነው።

ተነስቼ ሚዛኑን አለፍኩ። ከሰዓት ሪንግ ገባሁ። ሁለተኛው ዙር ላይ ያገኘኝን ቡጢ አላየሁትም። ሦስት ቀን ራሴን አመመኝ። ከዚያ ወዲህ ኩላሊቴን እታከማለሁ፣ ከዚያ ይሁን ከሌላ ሐኪምም አልወሰነልኝም።

ቄራ ልጄ፣ «ውሃ ነው እንጂ ሥጋ አይደለም» ያልከውን እኛም እንል ነበር።

ምንጣፍ ዳር

ጋሽ ብርሃኔ፣ ላቡ ቆመ ያሉት ነገር ከአደገኛ ምልክቶቹ አንዱ ነው። ሰውነት የሚቀዘቅዘው በላብ ነው። ውሃ ሲያልቅ ደም ይወፍራል፣ ልብ ለማንቀሳቀስ ይሮጣል፣ ወደ ቆዳ የሚሄደው ደም ያንሳል። ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ወደ ውስጥ ይከማቻል። ልጁ እየሠራ ላቡ ከደረቀ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ ወይም ቁጭ ብሎ እያለ ልቡ ከደለቀ ሥራው እዚያው ይቆማል። ላስቲኩ ይወልቃል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይነከራል፣ አምቡላንስ ይጠራል። ጥቂት ቆይቶ ይሻለዋል ተብሎ አይጠበቅም።

የዮኒ አባት፣ ያ ወረቀት ከየት እንደመጣ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ አካባቢ እዚህ አሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች በአንድ ወር አካባቢ ተከታትለው ሞቱ። ሦስቱም ለሚዛን ኪሎ ሲቀንሱ ነበር። በሞቀ ክፍል፣ ላብ የሚያስወጣ ልብስ ለብሰው ሲሠሩ ነው የሞቱት። ከዚያ በኋላ ኮሌጆቹ የላስቲክ ልብስና ሳውና ለኪሎ መጣያ እንዳይውሉ ከለከሉ። ሚዛኑንም ወደ ግጥሚያው ሰዓት አስጠጉት። ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ፣ ሃይስኩሎችም ይህን የሽንትና የስብ ልኬታ ግዴታ አደረጉት። የልጅህ የጋራዥ ላስቲክ በደንቡ የተከለከለ ነው። የውድድሩ ኃላፊ ካየው ከውድድር ሊያስወጣው ይችላል። ይህንን ንገረው፣ ከጤናው ይልቅ እሱ ይከብደው ይሆናል።

ታዛቢ

ሁሉም ደንብ ልክ ነው አትበሉ። በፓሪስ ኦሎምፒክ የሆነውን ረሳችሁት? የሕንዷ ቪኔሽ ፎጋት፣ በ2024። በ50 ኪሎ ነፃ ትግል በአንድ ቀን ሦስት ሰው አሸነፈች። የመጀመሪያዋ ጃፓናዊቷ ዩዊ ሱሳኪ ነበረች፣ የቶኪዮ ኦሎምፒክ አሸናፊ። ለፍጻሜ ደረሰች። በማግስቱ ጠዋት ሚዛን ላይ ስትወጣ 100 ግራም በለጠች። አንድ ሲኒ ቡና እኮ ነው! ወርቁ ቀርቶ ብሩንም ነሷት። በግማሽ ፍጻሜ ያሸነፈቻት ኩባዊት ፍጻሜ ገባች። ይግባኝ ብትልም አልተቀበሏትም። ይሄ ምን ዓይነት ፍትህ ነው?

ምንጣፍ ዳር

ታዛቢ፣ እኔም ያን ቀን አዝኛለሁ። ግን የሆነውን በደንብ እንየው።

ዓለም አቀፉ ትግል ውድድሩን በሁለት ቀን ከፍሎታል። ሚዛን በሁለቱም ቀን ጠዋት ነው፣ ከመታገልህ በፊት። ቪኔሽ በመጀመሪያው ጠዋት 50 ኪሎውን አልፋለች። ቀኑን ሙሉ ታገለች፣ በየመሐሉ መጠጣትና መብላት ነበረባት። ማታ ስትመዘን ከ2 ኪሎ በላይ ጨምራ ነበር። ሌሊቱን አልተኛችም። ሮጠች፣ ሳውና ገባች፣ ጸጉሯን ሳይቀር ቆረጡላት። 100 ግራም ግን ቀረ። ከዚያም ፈሳሽ አልቆባት ሕክምና ገባች።

እኔ የማየው 100 ግራሟን አይደለም። ከዚያ በፊት የነበረውን ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የምትታገለው በ53 ነበር። 53 በሌላ ሕንዳዊት ስለተያዘ ወደ 50 ወረደች። ልክ እንደ ዮኒ፣ ክፍት ቦታ ፍለጋ ነው የወረደችው።

በማግስቱ ድጋሚ የሚመዘኑት ሰው አንድ ጠዋት ብቻ ደርቆ ምድቡን እንዳያታልል ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው። ግን ሰዎች እንደተጠበቀው ከፍ ወዳለ ምድብ አልወጡም። አንዳንዶቹ ሁለት ጊዜ መድረቅን መረጡ። ቀድሞ ያሸነፈችውን ብር መንጠቅ ተገቢ ነው ወይ ለሚለው ከአንተ ጋር ነኝ። የመጀመሪያውን ቀን በሕጋዊ ኪሎ ነው የታገለችው። በዚህ ላይ እኛ አሰልጣኞችም እስካሁን አንስማማም።

ቄራ_57

ኮች፣ እሺ ውሃው አደገኛ መሆኑን ተቀበልኩ። ግን እንደ ፕሮፌሽናል ቡጢ ሚዛኑ ከአንድ ቀን በፊት ቢሆንስ? ሰው ተኝቶ፣ ጠጥቶ፣ በልቶ ይገባል። ጋሽ ብርሃኔ የተመቱት እኮ በዚያው ቀን ስለገቡ ነው። ፕሮፌሽናሎቹም ድሮ በዚያው ቀን ይመዘኑ ነበር፣ ለደህንነት ተብሎ ነው ወደ ዋዜማው የተገፋው።

ሪንግ ዳር ነርስ

ቄራ፣ ግማሹ እውነት ነው። እኔ በቡጢ ውድድሮች ላይ በሕክምና ቡድን ውስጥ ሠርቻለሁ። ሰዓት ሲጨምር ሰው ያገግማል። ግን ሰዓት ሲጨምር ሰዎች የበለጠ ይቀንሳሉ። ያ ደግሞ ሌላውን ሰው ይጎዳል።

እ.ኤ.አ. የካቲት 2000 ኒውዮርክ ላይ ፕሮፌሽናል ቡጢኞቹ አርቱሮ ጋቲ እና ጆይ ጋማሽ ተጋጠሙ። የተስማሙበት 141 ፓውንድ ነበር፣ 64 ኪሎ። ሁለቱም በዋዜማው ሚዛኑን አልፈዋል ተባለ። በማግስቱ ማታ ጋቲ ሪንግ ሲገባ 160 ፓውንድ፣ 72 ኪሎ ከግማሽ ገደማ ሆኖ ነበር። በአንድ ቀን ከ8 ኪሎ በላይ! ጋማሽ ያን ያህል አልጨመረም። በሁለተኛው ዙር በዝረራ ወደቀ፣ አንጎሉ ተጎዳ፣ ከዚያ በኋላ አልተጫወተም። ወረቀቱ ላይ እኩል ነበሩ፣ ሪንግ ውስጥ ግን የተለያየ ምድብ ሰዎች ናቸው። «ሁሉም ከቀነሰ እኩል ነው» ያልከው እዚህ ላይ ይፈርሳል። የሁሉም ሰውነት እኩል አይቀንስም፣ እኩልም አይመለስም።

ስለ አንጎል ደግሞ ጥንቃቄ ላድርግ። ደርቆ የገባ ሰው ጭንቅላቱ ለምት የበለጠ ይጋለጣል የሚል ሐሳብ አለ፤ አንጎልን የሚከበው ፈሳሽ ይቀንሳል ተብሎ። ይህ ገና የተረጋገጠ አይደለም፣ ክርክሩ አላለቀም። የተረጋገጠው ግን የደከመ ሰው እጁን ቶሎ እንደማያነሳ ነው። ጋሽ ብርሃኔ «አላየሁትም» ያሉት ለእኔ በቂ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሚዛን በኋላ ግሉኮስ በደም ሥር ማስገባት ብዙ ቦታ እንደ ቀላል ነገር ይታያል። የአበረታች መድኃኒት ሕግ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መስጠትን ይከለክላል፣ ሐኪም ቤት ለሕክምና ካልሆነ በስተቀር። ባዶ ውሃ በአንዴ ማጥለቅለቅም መፍትሔ አይደለም። ጨው ከደም ይሳሳል፣ ያ ራሱ ያስጥላል። አንድ ኪሎ ላብ የወጣለት ሰው አንድ ሊትር ተኩል ያህል በየጊዜው እየተጎነጨ፣ ከጨው ጋር ይጠጣ። ኦ አር ኤስ ከየፋርማሲው ይገኛል።

የዮኒ አባት

ዛሬ ከልጄ ጋር ተቀመጥን። ያንን የ57.6 ስሌት ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። ራሱ በስልኩ ደጋግሞ ሠራው። ዝም አለ። «ታዲያ ጡንቻዬን ነው የምጥለው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ጋሽ ብርሃኔ የጻፉትንም አነበብኩለት። ላስቲኩን ራሱ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። በ138 ያለውን ልጅ ግን አሸንፌ ቦታውን እወስዳለሁ ብሏል፣ እሱን አልከለከልኩትም።

አንድ የቀረኝ አለ። የመጀመሪያው ግጥሚያ ቅዳሜ ነው፣ በ145 አካባቢ ባለው ነው የሚገባው። በዚያ ቀን ምን ያደርጉታል? ምን ልስጠው?

ምንጣፍ ዳር

የሚመዘነው ግጥሚያው ሊጀምር አንድ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው፣ ስለዚህ ደርቆ ለመመለስ ጊዜ የለም። የትግል ልብሱን ለብሶ ሰልፍ ይቆማል። ቆዳውን ያዩታል፣ ጭርት ወይም ቁስል ካለ አይታገልም። ጥፍሩም ያጠረ ይሁን። ከዚያ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ዳኛው ቁጥሩን ይጽፋል፣ አለቀ።

ዓርብ ማታ እንደ ልማዱ ይብላ። በጣም ጨው የበዛበት ወጥ ግን ይቅርበት፣ ውሃ ይይዝበታል። ከሚዛን ሲወርድ የሚጠጣውን አዘጋጅለት። እኔ ለሐበሻ ልጆቼ በሶ በማር በጥብጬ፣ ቁንጥጫ ጨው ጨምሬ በኮዳ እይዛለሁ። ጨጓራ ላይ አይከብድም፣ ቶሎም ኃይል ይሆናል። ሙዝም ይያዝ። ዱለት እንዳትሰጠው።

ቄራ_57

ኮች፣ ይቅርታ፣ የእኔን ደግሞ ልጠይቅ። ውድድሬ 3 ሳምንት ቀርቶታል። ዛሬ ጠዋት 61 ከግማሽ ነኝ። በ57 ነው የተመዘገብኩት። ወደ 57 ልወርድ የምችልበት መንገድ አለ?

ምንጣፍ ዳር

4 ኪሎ ከግማሽ በ3 ሳምንት ነው የምትለኝ። በሳምንት 1.5 በመቶ ብትል 2.7 ኪሎ ገደማ ትወርዳለህ። ወደ 58.8 ትደርሳለህ፣ የቀረው 1.8 ኪሎ በላብ መውጣት አለበት። ውድድሩ ቀናት የሚፈጅ ከሆነ ደግሞ በምትጫወትበት ቀን ሁሉ ጠዋት ትመዘናለህ። ያንን 1.8 በየጊዜው ታወጣዋለህ ማለት ነው። 60 የሚባል ምድብ አለ። አሰልጣኝህን ነገ አናግረው፣ ምዝገባው ካልተዘጋ ወደ 60 ቀይር።

ቄራ_57

በ60 የሚጠብቀኝን ልጅ ብታውቀው ኖሮ። እሺ፣ ነገ አናግረዋለሁ።

ጋሽ ብርሃኔ

አናግረው ልጄ። ምን እንዳለህ እዚህ ጻፍልን።